ቦነስ በደሞዝ ብቻ ወይስ በደሞዝና በወር?

ለምሳሌ የሚከፋፈለው 42,000 ነው እንበል። አንዱ ደሞዙ 10,000 ሆኖ 12 ወር ሰርቷል፣ ሁለተኛዋም 10,000 ግን 3 ወሯ ነው፣ ሶስተኛው 5,000 እና 12 ወር።

በደሞዝ ብቻ ከሆነ፦ ስሌቱ ቀላል ነው፣ 16,800፣ 16,800፣ 8,400 ይደርሳቸዋል። ግን አመቱን ሙሉ የለፋው ሰውዬ 3 ወር ከሰራችው ጋር እኩል ሲወስድ በጣም ያማል።

በደሞዝና በወር ከሆነ፦ ደሞዝን በወር አባዝተህ 120,000፣ 30,000፣ 60,000 ታገኛለህ፣ ድምሩ 210,000፣ 42,000ን ለሱ ስታካፍል 0.2 ይመጣል፣ በሱ ስታባዛ 24,000፣ 6,000፣ 12,000።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያ በደሞዝ አካፍሎ ከዛ የሷን 16,800 በ3/12 ሲያባዛ ነው፣ 4,200 ይሰጣትና 12,600 ሳይከፋፈል ይቀራል፣ ድምሩ 42,000 ካልመጣ እዚህ ጋ ፈልገው። አመቱ መሀል ላይ ደሞዝ የተጨመረለት ካለ ደሞ የየወሩን ደሞዝ ደምር እንጂ የመጨረሻውን በ12 አታባዛ።

ሁሉም አመቱን ሙሉ ከነበሩና ጭማሪም ከሌለ በደሞዝ ብቻ ይበቃል፣ ውጤቱ አንድ ነው። ገቢ ወጪ ሰራተኛ ካለ ግን እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው።