ሦስት ጥንድ የሥራ ጫማ፣ ሦስት ዓይነት አሠራር፦ በጎንደር ከአንድ ዓመት በላይ ተጫምቼ ያየሁት

ለፍርድ ቤት ሥራ የምጫማቸው ሦስት ጥንድ ጥቁር የቆዳ ጫማዎች አሉኝ። ከላይ ለሚያያቸው ሰው እምብዛም አይለያዩም፤ ልዩነታቸው የላይኛው ቆዳ ከሶሉ ጋር በተያያዘበት መንገድ ነው። አንደኛው በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ፣ ሁለተኛው ብሌክ በሚባለው አሠራር የተሰፋ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዌልት ያለው ነው። ሦስቱንም እያፈራረቅሁ በበጋውም በክረምቱም በፒያሳና በፋሲል ግቢ ዙሪያ ባለው ድንጋይና አስፋልት ላይ ስሄድባቸው ስለቆየሁ፣ የትኛው ሶል ሊቀየርለት እንደሚችልና ስንት ጊዜ እንደሚችል ከራሳቸው ከጫማዎቹ አይቻለሁ።

በማስቲሽ የተጣበቀው ቀላልና ርካሽ ነው፤ በገበያችን ከሚሸጡት የሥራ ጫማዎች አብዛኞቹም እንዲህ የተሠሩ ናቸው። የላይኛው ቆዳ ጠርዝ ወደ ታች ታጥፎ ከውስጠኛው ሶል ሥር ይጣበቃል፤ የሚረገጠው ሶል በዚያ ላይ ይለጠፋል። የእኔው በሐምሌ ዝናብ ከጣቶቹ በኩል አፉን ከፈተ። ጫማ ሰፊው አሮጌውን ማስቲሽ ፍቆ፣ ሁለቱንም ገጽ ቀብቶ፣ ማስቲሹ እጅ ላይ የማይቀር እስኪሆን ጠብቆ በመዶሻ አጣበቀው፤ እስካሁንም ይዟል። ችግሩ ያለው በመፋቁ ላይ ነው። ሶሉ በተቀየረ ቁጥር ያ የታጠፈ ጠርዝ አብሮ ይሳሳል፤ አንዴ ወይም ሁለቴ ከታደሰ በኋላ ማስቲሽ የሚይዘው ጤነኛ ቆዳ አይቀርለትም። ሶሉ ፖሊዩሬቴን ከሆነ ደግሞ የአየር እርጥበት ውስጡን እየበላው፣ ሳይረገጥ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል።

ብሌክ ስሙን ያገኘው በ1858 እ.ኤ.አ. ለማሽኑ የፈጠራ መብት ካገኘው አሜሪካዊው ላይማን ብሌክ ነው። አንድ የስፌት መስመር ከጫማው ውስጥ ተነሥቶ ውስጠኛውን ሶል፣ የታጠፈውን የላይኛ ቆዳና የሚረገጠውን ሶል በአንድነት ይበሳል። በመካከል ሌላ ንብርብር ስለሌለ ጫማው ቀጭንና ለእግር ልስልስ ነው፤ ከሦስቱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተመቸኝ ይህ ነበር። ይሁን እንጂ ስፌቱ ከመንገዱ እስከ ካልሲ የሚደርስ ቀዳዳ ስለሆነ፣ ክረምት ላይ ውሃ ክሩን ተከትሎ ይገባል። ሶሉ ሳስቶ ሊቀየር ሲል ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ ይህን ስፌት ለመስፋት ረጅም ክንዱን ጫማው ውስጥ የሚያስገባ ማሽን ያስፈልጋል፣ በጠየቅሁባቸው ቦታዎችም አላገኘሁትም። በእጅ ወስፌ እስከ ጣቶቹ ድረስ ገብቶ መስፋት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ አዲሱ ሶል በማስቲሽ ብቻ ተጣበቀ፤ ስለዚህ ጫማው ዛሬ በአሠራር ከመጀመሪያው ጥንድ አይለይም። ማሽኑ ቢገኝም እንኳ እያንዳንዱ ቅያሬ ውስጠኛውን ሶል እንደ አዲስ ይበሳዋል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ የሚችል ጥቂት ነው።

ዌልት ያለው ጫማ የሚለየው ሁለት ስፌት ስላለው ነው። ዌልት በጫማው ዙሪያ የሚዞር ጠባብ የቆዳ ጥብጣብ ነው። የመጀመሪያው ስፌት ይህን ጥብጣብ ከላይኛው ቆዳና ከውስጠኛው ሶል ሥር ከወጣው ከንፈር ጋር ያያይዘዋል፤ ከውጭ አይታይም፣ ወደ እግር መቀመጫም አይወጣም። ሁለተኛው ስፌት ከጫማው አካል ውጭ ዌልቱንና የሚረገጠውን ሶል ብቻ ይይዛል። በመካከል የሚቀረው ክፍት ቦታ በቡሽ ይሞላል። ከብዙ ዓመት ጀምሮ የምጠቀምበት ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ዌልት ያለውንና ብሌኩን ገልብጠው ሲያዩ፣ «ልጄ፣ የዚህን ክር ብቆርጠው ሶሉ ብቻ ነው የሚወርደው፤ ያኛውን ብቆርጠው ግን የላዩን ቆዳ የያዘውን አብሬ ቆረጥሁት» አሉኝ። ጉዳዩ በሙሉ ይኸው ነው።

የሶሉ መሐል በአውራ ጣት ሲጫኑት ልል ማለት ሲጀምር፣ ገና ሳይቀደድ ወሰድሁላቸው። እርሳቸውም የውጭውን ክር በምላጭ እየቆረጡ አሮጌውን ሶል ከነታኮው አነሡት። ሥሩ ያለው ቡሽ እግሬ በሚያርፍበት ቦታ ተፈርፍሮ ስለነበር ጠርገው አውጥተው ጉድጓዱን በተላገ የቆዳ ቁራጭ ሞሉት። አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን አዲሱን የሶል ቆዳ በውሃ አርሰው በመዶሻ ጠቀጠቁት፤ እርጥብ ቆዳ ሲጠቀጠቅ ይጠብቃል፣ ለወስፌም ይታዘዛል። ከዚያ ለጊዜው እንዲይዝ በማስቲሽ አጣብቀው፣ በግርጌው ዙሪያ ቀጭን ቦይ ቀደዱ፤ ክሩ በቦዩ ውስጥ ካልተቀበረ ድንጋዩ በጥቂት ሳምንት ይበላዋል። በመጨረሻም በሰም የተቀባ ክር በአሮጌዎቹ የዌልት ቀዳዳዎች እያስገቡ ሰፉት። ይህ ሁሉ ያለ ምንም ማሽን የተሠራ ነው፤ ለጎንደር ሰው የዌልት ትልቁ ብልጫም ይህ ይመስለኛል።

በአሮጌው ቀዳዳ መስፋታቸው ቀላል ነገር አይደለም። ሰፊው ቸኩሎ በቀዳዳዎቹ መካከል አዲስ ከበሳ፣ ዌልቱ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተበሳስቶ በመስመሩ ይቀደዳል። ሌላው ጥፋት ጠርዙን ለማስተካከል ሲሉ በሞረድ ዌልቱን እስከ ስፌቱ ድረስ መብላት ነው። ሦስተኛውና ክፉው፣ ሶሉን ከፊት በኩል በሚስማር መምታት ነው፤ ሚስማሩ ውስጠኛውን ሶል ይበሳል፣ ውሃም ያስገባል። ዌልቱ ካልተጎዳ ሁለት ወይም ሦስት ሶል ያስተናግዳል፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ዌልቱ ተፈትቶ በአዲስ ይተካና ቆጠራው እንደገና ይጀምራል።

ገዢን የሚያሳስተው የውሸት ዌልት ነው። በማስቲሽ ብቻ በተጣበቀ ሶል ላይ ለጌጥ ክር የተሰፋበት ጥብጣብ ይለጠፋል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከሶሉ ጋር አብሮ በቅርጽ የወጣ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ጫማውን ገልብጬ ከላይ ያየሁት ስፌት ታች መውጣቱን አያለሁ። ቦዩ በክዳን ከተሸፈነ ግን ይህ አይበቃም፤ የዌልቱን ጠርዝ በጥፍር ገፋ አድርጌ ሥሩ ያለው ሌላኛው ክር ብቅ ማለቱን እመረምራለሁ። በጫማው ውስጥ ያለውን ስስ ምንጣፍ ገለጥ ሲያደርጉ ዙሪያውን የሚሄድ ስፌት ከታየ ብሌክ ነው። ውስጡም ውጩም የተሰፋ ከሆነ ብሌክ ራፒድ የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ በመካከሉ ተጨማሪ ሶል ስላለውና የሚረገጠው በዚያ ላይ ስለሚሰፋ፣ እርሱም በእጅ ደጋግሞ ይታደሳል።

ዌልቱ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ከባድ ነው፣ እስኪላመድ ድረስ ተረከዝ ይልጣል፣ ዋጋውም ከተጣበቀው ብዙ እጥፍ ነው። የላይኛው ቆዳ በቀለምና በፕላስቲክ ሽፋን የተደበቀ ደካማ ቆዳ ከሆነ፣ ከሶሉ ቀድሞ በጣቶቹ መታጠፊያ ላይ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ዌልት መኖሩ ምንም አይጠቅምም። የሊስትሮ ሳሙና ውሃም ቆዳውን ስለሚያደርቀው፣ ይህን ጥንድ በእርጥብ ጨርቅ አስጠርጌ ቅባት ብቻ አስቀባዋለሁ። አዲሱን የቆዳ ሶል ገና ሳይሳሳ ከፊት በኩል በስስ ጎማ አስለብሼዋለሁ፤ ጎማው ሲያልቅ የሚቀየረው እርሱ ብቻ ስለሆነ፣ የዌልቱ ስፌት ለረጅም ጊዜ አይነካም።