አቼቶ፣ ሲትሪክ አሲድ ወይስ የውሃ ማለዘቢያ? ለነጩ ቅርፊት የቱ ይገዛ?

በማንቆርቆሪያው ግርጌ የሚጋገረው ነጭ ነገር በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ውሃው ውስጥ በማይታይ መልክ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየም፣ ውሃው ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚያመልጥ ሟሙቶ መቆየት አይችልምና ይረግፋል። ከቀዝቃዛ ቧንቧ ይልቅ ማንቆርቆሪያውና የሙቅ ውሃ ሻወሩ ቶሎ የሚነጡትም ለዚህ ነው። ቅርፊቱ ላይ አቼቶ ጠብ ሲያደርጉ ከተንፎለፎለ ካርቦኔት ነው፣ አሲድ ይነቅለዋል። ካልተንፎለፎለ ሌላ ማዕድን ሊሆን ስለሚችል አሲድ ለመግዛት አይቸኩሉ።

አሁን እናስላ። ጥንካሬው በካልሲየም ካርቦኔት ሲለካ በሊትር 250 ሚሊግራም በሆነ ውሃ 1.5 ሊትር ማንቆርቆሪያ በቀን 3 ጊዜ ቢፈላ፣ ቢበዛ 1.1 ግራም ገደማ ቅርፊት ይወጣል። ሁሉም ስለማይረግፍ በወር 20 ግራም ተጋገረ እንበል። ይህን ለማሟሟት 5 በመቶ አሲድ ያለው አቼቶ ግማሽ ሊትር ያህል ያስፈልጋል፤ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት ከሆነ ግን 26 ግራም ገደማ፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ዱቄቱ ሽታ የለውም፣ ቦታም አይይዝም፤ ለማንቆርቆሪያ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ዱቄቱ ግን አንድ ጠባይ አለው። በፈላ ውሃ ከተጠቀሙበት ካልሲየም ሲትሬት የሚባል ሌላ ነጭ ዝቃጭ ሊፈጥርና ሰውን ግራ ሊያጋባ ይችላል። ስለዚህ ዱቄቱን በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይተው፣ መንፎልፎሉ ሲቆም ይድፉት። ቅርፊት ከቀረ አዲስ በጥብጠው ይድገሙት፤ የቀድሞው አሲድ አልቋል።

ለሻወር ራስ ሁለቱም ይሠራሉ። ፈትቶ መዘፍዘፍ ከሁሉ ይሻላል። ኒኬል ወይም ክሮም የተቀባ ቧንቧ ላይ ግን አሲዱን ሌሊቱን ሙሉ አያሳድሩ፣ ቅቡ ከተላጠ አይመለስም። እምነበረድ አጠገብም አያድርሱት፤ እምነበረድ ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ይበላል። ከሁሉም በላይ አሲድን ከበረኪና ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ማለዘቢያው ሌላ ነገር ነው። አሲዶቹ የተጋገረውን ሲነቅሉ እሱ ቅርፊቱ ገና እንዳይፈጠር ያደርጋል፤ ካልሲየሙን ይዞ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። ወጪው ከፍ ያለ ነው፣ ጨውም ሳይቋረጥ ይጠይቃል። ከላይ ባልነው ውሃ ላይ በሊትር 115 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ስለሚጨምር፣ ጨው እንዲቀንስ የታዘዘ ሰው ካለ የመጠጥ ቧንቧው ሳይለዝብ ይተውለት። የሚያዋጣውም የውሃ ማሞቂያና የልብስ ማጠቢያ ማሽን በቅርፊት በሚያዝበት ቤት እንጂ ለአንድ ማንቆርቆሪያ አይደለም።

በቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔትስ? ካልሲየሙን ከውሃው አያወጣም፣ ውጤቱም ወጥ ሆኖ አልታየም። እኔ አልገዛውም።