የተሰነጠቀ የላፕቶፕ ስክሪን፦ ያው ፓኔል፣ ከፍ ያለው ወይስ ያገለገለው?

ስክሪን የሚገዛው በላፕቶፑ ስም ሳይሆን በፓኔሉ ቁጥር ነው። በአንድ የሞዴል ስም ከተሸጡ ላፕቶፖች መካከል አንዱ ኤችዲ፣ ሌላው ፉል ኤችዲ፣ ሦስተኛው ደግሞ በጣት የሚነካ ስክሪን ይዞ ሊገኝ ይችላል። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ስክሪኑን ቀይሮት እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ የሞዴሉን ስም ብቻ ሰምቶ ዕቃ የሚያወጣ ሻጭ እየገመተ ነው። ስክሪኑን ከውጭ አገር በዘመድ ለማስመጣት ካሰቡ ግምቱ ይበልጥ ያስከፍላል፤ የተሳሳተ ዕቃ አንዴ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ከመጣ በኋላ መመለሻው ሩቅ ነው።

ከሁሉ በፊት የተበላሸው ስክሪኑ ብቻ መሆኑን ያረጋግጡ። ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ኬብል ከቴሌቪዥን ጋር ያገናኙት። ቴሌቪዥኑ ላይ ምስሉ ጥርት ብሎ ከታየ፣ በላፕቶፑ ላይ ደግሞ ስንጥቅና ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ካለ፣ ጥፋቱ የፓኔሉ ነው። በቴሌቪዥኑም ላይ ምስሉ ከተበላሸ ግን አዲስ ስክሪን መግዛት አይጠቅምም።

ቁጥሩ የሚገኘው በፓኔሉ ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። እንደ ምሳሌ N156BGA-EA3 የሚል ፓኔል እንውሰድ። 156 ማለት 15.6 ኢንች ነው፤ BGA ደግሞ ይህ አምራች ለተራ ኤችዲ ፓኔሎቹ ከሚጠቀምባቸው ምልክቶች አንዱ ነው። በዚሁ አምራች ፉል ኤችዲው N156HCA ተብሎ ይጀምራል። ሌሎች አምራቾችም የየራሳቸው ልማድ አላቸው፤ ለምሳሌ B156XTN ኤችዲ ሲሆን B156HAN ፉል ኤችዲ ነው። ፓኔሉን ሳይፈቱ ፍንጭ ማግኘት ከፈለጉ፣ ላፕቶፑ ከቴሌቪዥን ጋር እንደተገናኘ በዊንዶውስ Device Manager ውስጥ Monitors የሚለውን ከፍተው፣ በሥሩ ያለውን ስክሪን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው Properties፣ ከዚያም Details ውስጥ ገብተው Hardware Ids የሚለውን ያንብቡ። መስታወቱ ቢሰነጠቅም የፓኔሉ ኤሌክትሮኒክስ ብዙውን ጊዜ ማንነቱን መናገሩን ይቀጥላል። BOE፣ AUO፣ CMN ወይም LGD ብሎ የሚጀምር ኮድ ይታያል። ይህ አምራቹን ይነግርዎታል እንጂ ወረቀቱን አይተካም።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው ማገናኛው ነው። የዛሬዎቹ ተራ ፓኔሎች በአብዛኛው ኢዲፒ የሚባለውን ባለ 30 ፒን ማገናኛ ይጠቀማሉ። ባለ 40 ፒኑ የሚገኘው በሚነኩ፣ በፎርኬ ወይም ለጨዋታ በተሠሩ ፈጣን ስክሪኖች ላይ ነው። አደገኛው ነገር ኤልቪዲኤስ የሚባለው የቀድሞው ሥርዓትም 40 ፒን ያለው መሆኑ ነው። የፒኖቹ ቁጥር ስለተመሳሰለ ብቻ ሁለቱን ማገናኘት ፓኔሉን ወይም ማዘርቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ስፋቱንም በማስመሪያ ይለኩ፦ 15.6 ኢንች ከሚባሉት መካከል ወደ 36 ሳንቲሜትር የሚሰፉ አሉ፤ ጠባብ ጠርዝ ባላቸው ላፕቶፖች ውስጥ የሚገቡት ግን 35 ሳንቲሜትር ገደማ ናቸው። የብሎን መያዣ ጆሮ ያለውና የሌለውም እርስ በርስ አይተካኩም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። ላፕቶፑ N156BGA-EA3 ይዞ ነበር እንበል።

ያንኑ ቁጥር መግዛት አስተማማኙ መንገድ ነው። ኬብሉ ይገጥማል፣ ስፋቱ ይገጥማል፣ የሚያስገርም ነገር አይመጣም። ጉድለቱ የታወቀ ነው፦ 1366 በ768 ፒክስል፣ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ የሚለወጥ የቲኤን ፓኔል። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ ይበቃል።

ብዙዎችን የሚያጓጓው ሁለተኛው ነው፦ “አንዴ ከተቀየረ ለምን ፉል ኤችዲ አይፒኤስ አይሆንም?” አይፒኤስ ከጎን ሲያዩትም ቀለሙን የሚጠብቅ የፓኔል ዓይነት ነው። ማገናኛው ያው 30 ፒን ስለሆነ ሻጩም “ይገጥማል” ይላል። እውነት ነው፣ ይገጥማል፤ መሥራቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኤችዲ ምስል በአንድ የመረጃ መስመር ያልፋል፤ ፉል ኤችዲ በተለምዶ ሁለት ይፈልጋል። ከፋብሪካ በኤችዲ የወጡ አንዳንድ ላፕቶፖች ኬብላቸው ውስጥ የተዘረጋው አንድ መስመር ብቻ ነው። አዲሱ ፓኔል ያኔ ጥቁር ሆኖ ይቀራል ወይም የተዛባ ምስል ያሳያል፤ ገዢውም ፓኔሉ የተበላሸ ይመስለዋል። መፍትሔው ለዚያው ላፕቶፕ የተሠራ የፉል ኤችዲ ኬብል መግዛት ነው። ያ ኬብል እጅዎ ካልገባ ይህን ምርጫ አልመክርም። ኬብሉ ከተገኘ ግን ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ለሚያፈጥ ሰው ልዩነቱ ተጨማሪውን ወጪ የሚያስረሳ ነው።

ሦስተኛው ከሌላ ላፕቶፕ የወጣ ያገለገለ ፓኔል ነው። ርካሽ ነው፤ መጥፎም አይደለም፤ ነገር ግን በርቶ ሳያዩት አይክፈሉ። ሙሉ ነጭ ገጽ ያስከፍቱና ጠርዙ የቢጫነት፣ መሐሉ የጫና ነጫጭ ነጥቦች እንዳሉት ይመልከቱ፤ የሞቱ ፒክስሎችም በነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ቀጥሎ ሙሉ ጥቁር ያድርጉት፤ በርተው የቀሩ ፒክስሎች ያን ጊዜ ይታያሉ። ስክሪኑ የሚነካ ከሆነና መስታወቱ ከፓኔሉ ጋር ከተጣበቀ ደግሞ፣ ፓኔሉን ብቻ ከመፈለግ ሙሉውን ክዳን ከነማጠፊያው መግዛት ይሻላል። መስታወትና ፓኔል መለያየት የቤት ሥራ አይደለም።

በራስ እጅ መቀየርስ? መልሱ እንደ ክፈፉ ነው። በፓኔሉ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ክፈፍ በመንጠቆ ብቻ የተያዘ ከሆነ፣ ትንሽ ካቻቪቴና አሮጌ የባንክ ካርድ ያለው ትዕግሥተኛ ሰው ይወጣዋል። በሙጫ ከተያዘ ወይም ፓኔሉ ራሱ በሚሳብ ማጣበቂያ ከተለጠፈ ለባለሙያ ይስጡት።

በቤት የሚሠራ ሰው ከፓኔሉ ይልቅ ሊጨነቅለት የሚገባው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ ፊውዝ ነው። ለስክሪኑ የጀርባ መብራት ኃይል የሚያልፈው በእርሱ በኩል ነው። ላፕቶፑን ማጥፋትና ቻርጀሩን መንቀል አይበቃም፤ የውስጡ ባትሪ እስካልተነቀለ ድረስ ማገናኛው ላይ ኃይል ሊኖር ይችላል። ኬብሉ ጠመም ብሎ ከገባ ሁለት ፒኖች ይነካካሉ፣ ፊውዙም ይቃጠላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ስክሪኑ ጨለማ ነው፤ የስልክ መብራት ከጎን ሲያበሩበት ግን ምስሉ በደብዛዛው ይታያል። ከዚህ በኋላ ብየዳ ነው የሚጠብቅዎት፤ በስክሪን ላይ የቆጠቡት ገንዘብም ወደዚያ ይሄዳል።

ስለዚህ የታችኛውን ክዳን ከፍተው ባትሪውን ይንቀሉ። ፓኔሉን በቁልፎቹ ላይ በግንባሩ ከማስተኛትዎ በፊት ለስላሳ ጨርቅ ያንጥፉ፤ የተረሳች አንዲት ብሎን አዲሱን ስክሪን ለመስበር ትበቃለች። በማገናኛው ላይ ያለውን ማጣበቂያ አንሥተው፣ የብረት መቆለፊያ ካለው ከፍተው፣ ኬብሉን ከፓኔሉ ጋር ትይዩ አድርገው ያንሸራትቱት፤ ወደ ላይ አይጎትቱት። አዲሱን ካገናኙ በኋላ ክፈፉን ሳይመልሱና መከላከያ ፕላስቲኩን ሳይልጡ ባትሪውን መልሰው በማብራት ይሞክሩት። ፕላስቲኩ የተላጠበትን ፓኔል የሚመልስ ሻጭ ጥቂት ነው። ሙከራው ካለቀ በኋላ ላፕቶፑን አጥፍተው፣ ባትሪውን እንደገና ነቅለው ይገጣጥሙ።

ለባለሙያ የሚሰጡ ከሆነ የፓኔሉን ቁጥር ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፤ አሮጌውንም ተረክበው የሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያንብቡ።