ክላውድ ወይስ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቨር? ኔት ለሚቆራረጥበት አነስተኛ ፋብሪካ የኢአርፒ ንጽጽር

ኢአርፒ፣ ማለትም ስቶር፣ ምርት፣ ሽያጭና ሒሳብን በአንድ ላይ የሚይዝ ሲስተም፣ የሚሸጡ ሰዎች ወሬውን ብዙ ጊዜ ከዋጋ ይጀምሩታል። ኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ላለ ፋብሪካ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሌላ ነው። መስመሩ ሲጠፋ ሥራ የሚፈታው ማነው? ምርጫውን የሚወስነው የዚህ መልስ ነው።

ገላን አካባቢ ያለ አንድ የልብስ ሳሙና ፋብሪካ እንበል። 35 ሠራተኞች አሉት፣ በሁለት ፈረቃ ይሠራል፣ መርካቶ ደግሞ አንድ የሽያጭ ቢሮ አለው። ስቶር ኪፐሩ ለእያንዳንዱ ባች ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ መዝኖ ያወጣል። መርካቶ ያሉት ልጆች ደግሞ ስንት ካርቶን ሳሙና እንዳለ አይተው ይሸጣሉ።

ሲስተሙ ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት የአቅራቢ ሰርቨር ላይ፣ ከሆነና የፋብሪካው መስመር ከጠፋ ስቶር ኪፐሩ ይቆማል። መርካቶ ሥራው ይቀጥላል። ሰርቨሩ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ስቶሩ ምንም አይሰማውም፣ መርካቶ ግን «ሲስተም የለም» ይላል። ብዙ ገዢዎች ይህንን ልብ አይሉትም። ሰርቨር ገዝቶ ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ የኔት ችግሩን አያጠፋውም፤ ወደ ሌላኛው ቢሮ ያሻግረዋል።

| የሚቋረጠው | ክላውድ ሲሆን | ሰርቨሩ ፋብሪካው ውስጥ ሲሆን |
|---|---|---|
| የፋብሪካው ኔት | ስቶርና ምርት ይቆማሉ | መርካቶና ከቤት የሚገባው ባለቤት ይቆማሉ |
| የመርካቶ ኔት | መርካቶ ብቻ ይቆማል | መርካቶ ብቻ ይቆማል |
| የፋብሪካው መብራት | ፋብሪካው ይቆማል | ዩፒኤስና ጄኔሬተር ከሌለ ሁሉም ይቆማል |

የመጨረሻው ረድፍ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ኔት ጠፋ» የሚባለው ብዙ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ራውተሩ ስለሞተ ነው። ስለዚህ ሲስተም ከመምረጥዎ በፊት ራውተሩን ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ይሰኩትና ሁለት ሳምንት ይለኩ። ቢሮ ያለ ማንኛውም የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ፓወርሼል ከፍቶ ይህችን ማስኬድ ይበቃል።

```
while ($true) {
  $ok = Test-Connection 8.8.8.8 -Count 2 -Quiet
  "$(Get-Date -Format s),$ok" | Add-Content "$HOME\net.csv"
  Start-Sleep 60
}
```

በየደቂቃው net.csv የሚባለው ፋይል ላይ አንድ ረድፍ ትጽፋለች። False ያለበት ደቂቃ መስመሩ የጠፋበት ነው። ኮምፒውተሩም ዩፒኤስ ላይ ይሁን፣ እንቅልፍ ሞዱም ይጥፋ፤ አለዚያ መብራት የጠፋበት ሰዓት ጭራሽ አይመዘገብም። ድምሩን ብቻ አይዩ። በቀን አሥር ጊዜ ለሦስት ሦስት ደቂቃ መቆራረጥና በሳምንት አንዴ ለአምስት ሰዓት መጥፋት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ከሌላ ኦፕሬተር የተወሰደ 4ጂ ሲም እና ሁለት መስመር የሚቀበል ራውተር ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ሁለተኛው አካባቢው በሙሉ የሚጠፋበት ዓይነት ከሆነ ሁለቱም መስመሮች አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ያኔ ወደ ግቢው ሰርቨር ማዘንበል ይሻላል። አዲስ አበባ ያለ የአገር ውስጥ ክላውድም እዚህ ላይ አያድንም። የዓለም አቀፉ መስመር ሲበላሽ ይጠቅማል፤ የእርስዎ ሰፈር ኬብል ሲቆረጥ ግን ያው ነው።

«ኔት ሲጠፋ በወረቀት ይዘን በኋላ እናስገባለን» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። ለአንድ ሁለት ሰዓት ይሠራል፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው የዕቃ ማውጫ ካለ። ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። ሰኔ 30 ማታ 10 ኩንታል ኮስቲክ ሶዳ ወጥቶ ባቹ ተሠራ እንበል። መስመር ስለሌለ ሐምሌ 1 ጠዋት ተመዘገበ። ኦዱ በሚባለው ኢአርፒ ብዙ ቨርዥኖች ላይ የዕቃው ዝውውር የሚይዘው ቀን የተጸደቀበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ 10 ኩንታሉ በመዝገብ ላይ ወደ አዲሱ በጀት ዓመት ይሻገራል፤ የዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ደግሞ ጎደለ ይላል። ኢአርፒኔክስት በሚባለው ሌላ ኢአርፒ ላይ Edit Posting Date and Time የሚለውን ምልክት አድርጎ ትክክለኛውን ቀንና ሰዓት መስጠት ይቻላል። ክላውድ ሊገዙ ከሆነ ሻጩ ይህንን በዓይንዎ ያሳይዎት። ያለፈ ቀን የዕቃ ወጪ ያስገባና የዚያን ቀን የስቶክ ሪፖርት ያውጣ።

ሌላው መፈተሽ ያለበት «ኦፍላይንም ይሠራል» የሚለው ቃል ነው። ብዙ ጊዜ ይህ የካሸሩን ገጽ ብቻ ነው የሚመለከተው። ዴሞው ላይ የኔት ገመዱን ንቀሉና የምርት ትእዛዝ እንዲዘጋ ጠይቁ። «ሁለት ቦታ ሰርቨር አስቀምጠን እናመሳስላለን» የሚል ካለ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። መጋዘን የቀሩትን 20 ካርቶኖች ሁለቱም ቢሮዎች ተለያይተው ሳለ ከሸጧቸው፣ መስመሩ ሲመለስ ማን እንደሚሸነፍ አስቀድሞ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ወደ ግቢው ሰርቨር እንምጣ። ለአሥር ተጠቃሚ ግዙፍ ማሽን አያስፈልግም። 16 ጊጋ ራም እና አንዱ ሲሞት ሌላው የሚተካ ሁለት ኤስኤስዲ ያለው ኮምፒውተር ለኦዱም ለኢአርፒኔክስትም ይበቃል። የሚረሳው ኮምፒውተሮቹን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው የኔትወርክ ስዊች ነው። ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ስዊቹ ግድግዳው ላይ ከተሰካ፣ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ እየሠራ ማንም አይደርስበትም። ዩፒኤሱም ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ በኬብል መገናኘት አለበት። ድንገተኛ መጥፋት ዳታቤዝ የሚያበላሽበት ጊዜ አለ።

ከባዱ ግን ባክአፕ ነው። ክላውድ ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የአቅራቢው ሥራ ነው፤ እዚህ የእርስዎ ነው። ኦዱን በ pg_dump ብቻ የሚገለብጥ ባለሙያ ዳታቤዙን ያገኛል፤ የተያያዙት ደረሰኞችና ሰነዶች ግን filestore የሚባለው ፎልደር ውስጥ ስለሆኑ አይመጡም። ኢአርፒኔክስት ላይም ፋይሎቹን ለይቶ መጥራት ያስፈልጋል።

```
bench --site erp.local backup --with-files
```

ኮፒው እዚያው ሰርቨር አጠገብ ከተቀመጠ ለእሳትም ለሌባም አብሮ ነው የሚሄደው። ማታ መስመሩ ሲሻል ወደ ውጭ የሚላክ አንድ ኮፒ ይኑር፤ አንድ ደግሞ ሌላ ቦታ ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ።

ስለ ዋጋ በአጭሩ። የክላውድ ክፍያው በዶላር ከሆነ በየወሩ ምንዛሪ ይከተላችኋል። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር አልፏል፤ በብር የታቀደ በጀት እንዲህ ነው የሚፈርሰው። ግቢ ውስጥ ላለው ሰርቨር ትልቁ ወጪ ዕቃው አይደለም። ሲበላሽ በዚያው ቀን የሚደርስ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሌላችሁ ሰርቨር አትግዙ።

ለሳሙና ፋብሪካው እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። የማታው ፈረቃም ዕቃ ሲያወጣ በሲስተም ከሆነና መለኪያው ረጃጅም መጥፋቶችን ካሳየ፣ ሰርቨሩን ገላን አስቀምጬ መርካቶን ቪፒኤን በሚባለው የተጠበቀ የኢንተርኔት መንገድ አገናኛለሁ። መርካቶ ለሚቋረጥበት ሰዓት ጠዋት ጠዋት የስቶክ ዝርዝር ታትሞ ይኑራቸው፣ የተወሰነ ካርቶንም ለእነሱ ይያዝ። ሲስተሙን የሚነኩት ሒሳብ ክፍሉና ሽያጩ ብቻ ከሆኑና ስቶር ኪፐሩ በቀን አንዴ ከወረቀት የሚያስገባ ከሆነ ግን ክላውድ ከሁለት መስመር ጋር ይሻለዋል። በሁለቱም በኩል ውሉ ላይ አንድ ነገር ይጻፍ፦ ሙሉ ባክአፑን በየወሩ ለእኛ ያስረክባሉ፣ በሦስት ወር አንዴም በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰው ከፍተው የዚያን ቀን የስቶክ ሪፖርት ያሳያሉ።