ጅማ ያላችሁ፦ ስልካችሁ አፕዴት አድርጎ ካልተነሳ «ሶፍትዌር» ለማስጫን አትቸኩሉ

ይህን የምጽፈው እዚህ ጅማ ውስጥ ሰው ብሩንም ፎቶውንም በከንቱ ሲያጣ ስላየሁ ነው። ነገሩ ሁልጊዜ በአንድ መልኩ ይጀምራል። ስልኩ አፕዴት ያደርጋል። ሪስታርት ሲል ሎጎው ላይ ይቀራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ሎጎ ያሳያል። ባለቤቱ ይደነግጥና ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል። እዚያ «ሲስተሙ ሄዷል፣ ፍላሽ መደረግ አለበት» ይባላል። ከፍሎ የሚወስደው ስልክ ይሠራል፣ ግን ውስጡ ባዶ ነው።

ችግሩ፣ ብዙ አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች ከእንዲህ ዓይነት ብልሽት ራሳቸው የሚመለሱበት መንገድ አላቸው። ያውም በነጻ፣ አንድ ፎቶ ሳይጠፋ። ትንሽ መታገሥ ብቻ ነው የሚፈልገው።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅና ታናሽ ወንድሟ አንድ ዓይነት ስልክ አላቸው። ከአንድ ሱቅ አብረው ነው የገዙት። አንድ ሰሞን ለሁለቱም ያው አፕዴት መጣ፤ ሁለቱም ጫኑት። የእሷ ሎጎው ላይ መመላለስ ሲጀምር ወዲያው ይዛው ወደ ሕርማታ አካባቢ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ሄደች። ባለሙያው አየት አደረገና «እህቴ፣ ሲስተሙ ተቃጥሏል፤ ሶፍትዌር እንጫንበት፣ 1,500 ብር» አላት። «ፎቶዎቼስ?» ስትለው «እነሱማ አሁንም የሉም» ብሎ መለሰላት። ይህ ትክክል አልነበረም። ፎቶዎቹ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስልኩ ውስጥ ነበሩ። የጠፉት እሱ ፍላሽ ሲያደርገው ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ ማስታወሻዎችና የሟች አባቷ ድምፅ አብረው ሄዱ።

የወንድሟ ስልክ በማግስቱ ልክ እንደዚያው አደረገ። እሱ ግን ብር ስላልነበረው ቻርጀር ላይ ሰክቶ ተወው። ስልኩ ሎጎውን እያሳየ ብዙ ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ተከፈተ። ሁሉ ነገር በቦታው ነበር። አፕዴቱ እንዳልተሳካ የሚናገር አንድ ማሳወቂያ ብቻ መጥቶ ነበር።

ታዲያ የእሱ ስልክ እንዴት ተመለሰ?

እነዚህ ስልኮች ሲስተሙን የሚያስቀምጡት ሁለት ቦታ ነው። ቦታዎቹ ስሎት ይባላሉ፤ አንደኛው ኤ፣ ሁለተኛው ቢ። አሠራሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ከአንድሮይድ 7.0 ጋር ነው። ስልካችሁ ዛሬ የሚሠራው ከኤ ከሆነ፣ አፕዴቱ የሚጻፈው ቢ ላይ ነው። እናንተ ስትደውሉ፣ ቴሌግራም ላይ ስታወሩ፣ ከጀርባ ቀስ እያለ ይጻፋል። ቤተሰቡ አንደኛው ቤት ውስጥ እየኖረ ሁለተኛው ቤት እንደሚታደስ ማለት ነው። ለዚህ ነው በእነዚህ ስልኮች አፕዴት ሲደረግ ስልኩ ከእጃችሁ የማይወጣው። ሪስታርት የምታደርጉት መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ነው።

አፕዴቱ ተጽፎ ሲያልቅ ስልኩ የተጻፈው ትክክል መሆኑን ይመረምርና «በሚቀጥለው ጊዜ ከቢ ተነሳ» የሚል ምልክት ያስቀምጣል። ሪስታርት ስትሉት፣ ከሁሉ በፊት የሚነቃው ቡትሎደር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ምልክቱን አይቶ ቢን ይሞክራል። ግን አያምነውም። ለቢ የተወሰነ የሙከራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ብዙ ስልኮች ላይ ከ7 አይበልጥም። አንድ ሙከራ በተጀመረ ቁጥር ቁጥሩ በአንድ ይቀንሳል። አዲሱ ሲስተም በደህና ከተነሳ «ተሳክቷል» የሚል ምልክት ይደረግለትና ቆጠራው ይቆማል። ካልተነሳ ቁጥሩ ዜሮ ይደርሳል። ያኔ ቡትሎደሩ ቢን «የማይነሳ» ብሎ ይመዘግብና ወደ ኤ ይመለሳል። ኤ ደግሞ ትናንት ስትጠቀሙበት የነበረው ነው። አፕዴቱ አልነካውም።

ልብ በሉ፣ ያ አስፈሪ መመላለስ፣ ሎጎው መጥቶ የሚጠፋው ነገር፣ ቆጠራው ራሱ ነው። ስልኩ ሞተ የምትሉበት ሰዓት ወደ ቀድሞው እየተመለሰ ያለበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። የአክስቴ ልጅ ስልክ ጥገና ቤት የደረሰው ቆጠራው መሃል ላይ እያለ ነው።

ፎቶዎቹስ? ፎቶ፣ መልእክት፣ አፕ፣ ሁሉም የሚቀመጡት የተጠቃሚ ዳታ በሚባለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ሁለት አይደለም፣ አንድ ነው፤ ሁለቱም ስሎቶች ይጋሩታል። ስለዚህ ከቢ ወደ ኤ መመለስ ፎቶ አያጠፋም። ፍላሽ ማድረግ ግን እዚህ አገር እንደሚሠራው ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይህንን ክፍልም ያጸዳዋል። ለፍላሽ ሲባል የቡትሎደሩ መቆለፊያ በተለመደው መንገድ ከተከፈተማ ዳታው መጥፋቱ አይቀርም፤ አሠራሩ ራሱ ያጠፋዋል።

ወንድምየው በኋላ ላፕቶፕ ያለው ጓደኛው ጋ ሄዶ ስልኩን ፋስትቡት በሚባለው፣ ከላፕቶፕ ሆኖ ቡትሎደሩን በሚያነጋግር ፕሮግራም አስፈተሸው። ይህን ለማየት የቡትሎደሩን መቆለፊያ መክፈትም ስልኩን ማጽዳትም አያስፈልግም። ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
fastboot getvar all
```

ከወጣው ረጅም ዝርዝር ውስጥ ቁም ነገሩ እነዚህ መስመሮች ነበሩ፦

```
(bootloader) current-slot:a
(bootloader) slot-successful:a:yes
(bootloader) slot-retry-count:b:0
(bootloader) slot-unbootable:b:yes
```

አሁን የሚሠራው ኤ ነው። ኤ በደህና ተነስቷል። ቢ የቀረው ሙከራ ዜሮ ነው፤ የማይነሳ ተብሎ ተመዝግቧል። ያ ጥገና ቤት ይህንን ትእዛዝ አስገብቶ ቢሆን ኖሮ የእህቱ ስልክ ገና ሙከራ እንደቀረው፣ ስሎት ኤ ጤነኛ እንደነበር በዓይኑ ያየው ነበር። ፋስትቡት ደግሞ በነጻ የሚገኝ ነገር ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

እንግዲህ እንዲህ ቢገጥማችሁ፣ መጀመሪያ ቻርጀር ላይ ሰኩት። መመላለሱ ባትሪ ይበላል፤ ባትሪው መሃል ላይ ካለቀ ነገሩ ይጓተታል። መብራት ከሌለ ፓወር ባንክ ፈልጉ። ከዚያ ተዉት። ሎጎው ላይ ደርቆ ከቀረና ራሱ የማይጠፋ ከሆነ፣ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ጠብቁና የማብሪያውን ቁልፍ ሪስታርት እስኪያደርግ ድረስ ተጭናችሁ ያዙ። አንዳንዱ ስልክ ላይ ከድምፅ ቁልፍ ጋር ነው የሚያዘው። ቡትሎደሩ ይህንን እንደ አንድ ያልተሳካ ሙከራ ስለሚቆጥረው፣ ደጋግማችሁ ስታደርጉት ቆጠራው አልቆ ወደ ድሮው ይመለሳል።

በመሃል `Can't load Android system` የሚል ጽሑፍና ሁለት ምርጫ ሊመጣ ይችላል። `Try again` የሚለውን ምረጡ። `Factory data reset` የሚለውን አትንኩ፤ እሱ ሁሉንም ያጠፋል።

ስልኩ ሲከፈት ሴቲንግ ውስጥ `About phone` ግቡና የአንድሮይድ ቨርዥኑንና የሴኩሪቲ አፕዴቱን ቀን እዩ። ከአፕዴቱ በፊት የነበረው ከሆነ ተመልሷል ማለት ነው። ያኔውኑ ፎቶዎቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ያንን አፕዴትም ወዲያው ደግማችሁ አትጫኑት፤ የተስተካከለ እስኪመጣ ጠብቁ።

ይህ መንገድ የማይሠራበት ጊዜም አለ፣ ይህንንም በግልጽ ልንገራችሁ። ሁሉም ስልክ ሁለት ስሎት የለውም። ሳምሰንግ ለብዙ ዓመታት ይህንን አሠራር ሳይጠቀም ቆይቷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ጋላክሲ ኤ55 ነው። ስለዚህ እጃችሁ ላይ የቆየ ሳምሰንግ ካለ በዚህ አትመኩ። መለያው ቀላል ነው። አፕዴት ስታደርጉ ስልኩ ጠፍቶ፣ የሮቦት ምስል ያለበት ስክሪን መጥቶ፣ ፐርሰንት እየቆጠረ ረጅም ጊዜ የሚያስጠብቃችሁ ከሆነ የድሮው ዓይነት ነው። እየተጠቀማችሁ ፐርሰንቱ የሚሄድ፣ ሪስታርቱም እንደ ሌላ ቀን ሪስታርት አጭር ከሆነ ሁለት ስሎት አለው።

ሁለተኛው ገደብ ጊዜ ነው። «ተሳክቷል» የሚለው ምልክት የሚደረገው ስልኩ ገና በሚነሳበት ሰዓት ነው። አዲሱ ሲስተም አንዴ ተነስቶ ከሳምንት በኋላ ቢበላሽ፣ ቆጠራ የለም፣ መመለስም የለም። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ በመጡት ብዙ ባለ ሁለት ስሎት ስልኮች ላይ ደግሞ ሙሉ ሁለተኛ ቅጂ አይቀመጥም። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ለውጡ ብቻ ለብቻው ይጻፋል፤ አዲሱ በደህና ሲነሳ ለውጡ ከድሮው ጋር ይዋሃዳል። ውህደቱ ካለቀ በኋላ ድሮ የሚባል ሲስተም ስልኩ ውስጥ የለም።

ከዚህ ሌላ የማይረባ ውል ይመጣል። «አዲሱን አንድሮይድ ካልወደድሽው ዳታሽ ሳይነካ ወደ ድሮው እመልስልሻለሁ» የሚሉ አሉ። አፕዴቱ ከተሳካ በኋላ ወደ ኋላ የሚመለሰው በፍላሽ ነው፤ ያ ደግሞ ዳታውን ሁሉ ሳያጸዱ እምብዛም አይሆንም። ፎቶዎቻችሁን ሳትገለብጡ ለዚህ ብር አትክፈሉ።

ስልኩን የግድ ጥገና ቤት መውሰድ ካለባችሁ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ስልኩ ሁለት ስሎት አለው ወይ? የቀረው ሙከራ ስንት ነው፣ በፋስትቡት አሳየኝ። ልትሠራው ያሰብከው ነገር ዳታ ያጠፋል ወይ? ለሦስቱም ቀጥተኛ መልስ ካልሰጣችሁ ስልኩን ይዛችሁ ውጡ።

ሲመለስላችሁም እዚያው ቆማችሁ አጥፍታችሁ አብሩት። የአክስቴ ልጅ ስልክ አሁን ሲበራ `Orange State` የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ቡትሎደሩ ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀርቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ላይ አንዳንድ የባንክ አፖች አልከፈት ይላሉ፤ ስልኩ እጁ የገባ ሌባም ከመደበኛው በላይ ብዙ ነገር ሊያደርግበት ይችላል። ይህ ማስጠንቀቂያ ከታየ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ቡትሎደሩ እንዲዘጋ ጠይቁ። መዝጋቱ ግን ዳታውን እንደገና ስለሚያጠፋ፣ አዲስ ነገር ሳትጭኑበት እዚያው ያድርገው።