የወፍጮ ሻፍት ልትገዛ ነው? 1045 እና 4140 ጎን ለጎን

ሻፍት ተሰብሮብህ ቶርኖ ቤት ስትሄድ መጀመሪያ የምትጠየቀው «ተራው ይሁን ጠንካራው?» ተብለህ ነው። ተራው አብዛኛውን ጊዜ 1045 የሚባለው የብረት ዓይነት ነው፣ ጠንካራው ደግሞ በሙቀት የተጠናከረ 4140። ዋጋቸው ይለያያል። ልዩነቱን ከመክፈልህ በፊት ግን የተሰበረውን ሻፍት አገላብጠህ እየው። ስብራቱ በአብዛኛው ለስላሳ ሆኖ እንደ ዛፍ ቀለበት መስመር መስመር ካለው፣ ሻካራውም ጥቂት ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ሻፍቱ በአንድ ጊዜ አልተሰበረም። ቀስ እያለ ሲሰነጠቅ ከርሟል፤ ይህ የብረት ድካም ነው።

አንድ ሻፍት እንውሰድ። ውፍረቱ 40 ሚሊ፣ ሞተሩ 15 ኪሎዋት፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 600 ዙር። ቺንጋው በ3000 ኒውተን ይስባል፣ ፑሌጃው ደግሞ ከኩሽኔታው 15 ሳንቲም ወጣ ብሎ ተንጠልጥሏል። ቺንጋው ሁሌ የሚስበው ወደ አንድ ጎን ነው፣ ሻፍቱ ግን ይዞራል፤ ስለዚህ ላዩ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ አሁን ትለጠጥና ግማሽ ዙር ሳትሞላ ትጨመቃለች። እንዲህ እየተገለባበጠች አንድ ሚሊዮን ዙር የምትሞላው 28 ሰዓት እንኳ ሳይደርስ ነው። በነጥቧ ላይ የሚደርሰው ውጥረት σ ነው፤ M የቺንጋው ጉልበት በ15 ሳንቲሙ ሲባዛ፣ d ደግሞ የሻፍቱ ውፍረት፦

```
σ = 32M / (πd³) = 72 MPa
```

72 ሜጋ ፓስካል ትንሽ ነው። ችግሩ ያለው ሻፍቱ ከወፍራም ወደ ቀጭን በሚወርድበት ጥግ ላይ ነው። ቶርኒተሩ ጥግ ላይ በሹል ቢላ ቀጥ አድርጎ ከቆረጠው ውጥረቱ እዚያ ተጠራቅሞ እጥፍ ይሆናል።

ብረት የጽናት ወሰን አለው፤ ውጥረቱ ከዚያ በታች እስከሆነ ድረስ የዙሩ ብዛት አያሰጋም። (አሉሚኒየም እንዲህ ዓይነት ወሰን የለውም፣ ስለዚህ ለዚህ ሥራ እርሳው።) እንደ መስታወት ለተወለወለ የላቦራቶሪ ናሙና ወሰኑ የመጎተት ጥንካሬው ግማሽ ያህል ነው። የእኛ ሻፍት ግን ወፍራም ነው፣ ላዩም የቶርኖ ጭረት አለበት። ይህን ስትቀንስ የመጎተት ጥንካሬው 570 ሜጋ ፓስካል የሆነው 1045 ከ285 ወደ 200፣ 950 የሆነው 4140 ደግሞ ከ475 ወደ 290 ይወርዳል። ጭረቱ ይበልጥ የሚጎዳው ጠንካራውን ነው፤ ሹል ጥግም እንደዚያው።

| ሻፍት | ጥግ ላይ ያለው ውጥረት | ወሰን | ትርፍ |
|---|---|---|---|
| 1045፣ ጥጉ ሹል (0.5 ሚሊ) | 140 | 200 | 1.4 |
| 4140፣ ጥጉ ሹል | 156 | 290 | 1.9 |
| 1045፣ ጥጉ ክብ (3 ሚሊ) | 112 | 200 | 1.8 |
| 4140፣ ጥጉ ክብ | 117 | 290 | 2.5 |

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ረድፍ አስተያያቸው። ጥጉን አሳምረህ ያስቆረጥከው ተራ ብረት፣ ውድ ከፍለህ ሹል ጥግ ያስቀረህበትን ብረት ሊስተካከለው ምንም አልቀረውም። ከመግዛትህ በፊት ግን 3 ሚሊው ከኩሽኔታው ጠርዝ ጋር እንዳይጋጭ ለካ፤ ከተጋጨ መሃል ላይ ቀለበት ይገባል።

አሁን ደግሞ ሠራተኛው ቺንጋው እንዳይንሸራተት ብሎ እስከ 5000 ኒውተን ወጠረው እንበል። ሹሉ 1045 ላይ ያለው ውጥረት 234 ይደርሳል፣ ወሰኑን አለፈ ማለት ነው። በሂሳቡ 300 ሺህ ዙር አካባቢ ይቀረዋል፣ አንድ የሥራ ቀን መሆኑ ነው። ሂሳቡ ግምት ነው፤ ድካም ላይ ሁለት መንታ የሚመስሉ ሻፍቶች እንኳ ዕድሜያቸው በብዙ እጥፍ ሊራራቅ ይችላል። ክቡ 1045 ግን 187 ላይ ስለሆነ ለጥቂት ያመልጣል።

እስካሁን አማካይ ውጥረቱ ዜሮ ነበር። ሻፍቱ ግን ኃይል ሲያስተላልፍ ይጠመዘዛል፣ መጠምዘዙም አይገለባበጥም፤ ወደ አማካይ ውጥረት ሲቀየር 33 ገደማ ነው (የጥጉን ጫና ለመጠምዘዙ ሳንቆጥር)። ይህን አማካይ ውጥረት ለመቁጠር ሦስት ማስተካከያዎች አሉ። ለክቡ 1045 ትርፉን ጉድማን 1.6፣ ጌርበር 1.77፣ ሶደርበርግ 1.5 ይሰጣሉ። ጌርበር ከፈተና ውጤት ጋር ብዙ ጊዜ ይቀራረባል፣ ግን የተማመነ ነው። ሶደርበርግ ብረቱ መለመጥ እንዳይጀምር እንኳ ስለሚጠነቀቅ ለፈሪ ነው። እኔ ብሆን ጉድማንን እይዛለሁ፤ σa የሚገለባበጠው ውጥረት፣ Se ወሰኑ፣ σm አማካይ ውጥረቱ፣ Sut የመጎተት ጥንካሬው፣ n ትርፉ ነው፦

```
σa/Se + σm/Sut = 1/n
```

ስለዚህ ቺንጋው በልክ ከተወጠረ 1045ቱን ግዛና የተረፈህን ገንዘብ ጥጉን በደንብ ለሚያሳምር ቶርኒተር ክፈል። ፑሌጃው ትልቅና ሩቅ ከሆነ ወይም ሻፍቱን ማወፈር ካልቻልክ 4140 ይሻላል፣ ግን ያው በክብ ጥግ። «የተሰበረውን በይጄ ልስጥህ» የሚልህን አትስማ፤ ብየዳው ጠርዝ ላይ ስንጥቅ በቀላሉ ይጀምራል፣ እዚያ ደግሞ ብረቱ 4140 ይሁን 1045 ለድካም ብዙም ልዩነት የለውም።