ፊቴን ከአመድማ መልክ የገላገለችኝ የሜካፕ ባለሙያ

ለእኅቴ ሠርግ ያስዋበችኝን ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። እንደ እኔ ጠቆር ያለ ቆዳ ላላችሁ ስለሚጠቅም የሠራችበትንም መንገድ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ከዚያ በፊት ፋውንዴሽን በተቀባሁ ቁጥር ፊቴ ላይ አመድ የተነሰነሰ ይመስል ነበር። የሚሰጠኝም መፍትሔ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከዚያ የጠቆረ ቁጥር መቀባት። እርሱም ፊቴን ከአንገቴ ለየው እንጂ ግራጫውን አላጠፋውም። ይህች ሴት ግን ገና ስታየኝ፣ «የአንቺ ቆዳ ከሥሩ ወርቃማና ቀላ ያለ ነው፤ የሚቀቡሽ ግን ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው» አለችኝ። ፋውንዴሽን ቀለሙን የሚያገኘው በአብዛኛው ከቢጫ፣ ከቀይና ከጥቁር የብረት ኦክሳይድ እንዲሁም ከነጩ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ነጩ በዝቶ ቢጫውና ቀዩ ሲያንሱ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግራጫ ሆኖ ይታያል።

ከመንጋጋዬ ጠርዝ ወደ አንገቴ ሦስት ቀጫጭን መስመሮች አሰመረችልኝ። ሁለቱ ጥቁረታቸው እኩል ሲሆን አንዱ ሮዝማ፣ ሌላው ወርቃማ ነበር። ሦስተኛው ወርቃማ ሆኖ በአንድ ደረጃ የጠቆረ ነው። አንዳንድ ፋውንዴሽን ሲደርቅ ስለሚጠቁር መስኮት አጠገብ አስቀምጣኝ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቀች። ከዚያ በመስታወት ሳየው ሮዝማው አመድ መስሎ ጎልቷል፤ እኩያው ወርቃማ ግን ከቆዳዬ ጋር ተዋሕዶ የት እንደተቀባ አይለይም። የጠቆረው ድንበሩ ቢታወቅም ግራጫ አልሆነም። ያኔ ነገሩ ሁሉ ገባኝ።

የጠቆረውንም አልጣለችውም። ግንባሬና የፀጉሬ ዳር ከጉንጬ ስለሚጠቁሩ እርሱን እዚያ ቀባችው፤ ፊትን ሁሉ በአንድ ቀለም መሸፈን ጠፍጣፋ ያደርገዋል ትላለች። ከንፈሬ ዙሪያ ያለውን ጥቁረት ደግሞ ፈዛዛ ኮንሲለር ቢቀባበት መልሶ ግራጫ ይሆን ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ብርቱካንማ ማስተካከያ ጠቆር ባለው ቦታ ላይ ብቻ በጣም በስሱ መታ መታ አድርጋ አስያዘች፤ ፋውንዴሽኑ ከዚያ በኋላ መጣ። ነጭ ፓውደር ፈጽሞ አላስነካችኝም፤ ወርቃማውን ነሰነሰችልኝና በፍላሽ ፎቶ አንስታ ፊቴ እንዳልነጣ አረጋገጠች።

ያገኘችልኝ ቀለም ግን ለዘለዓለም እንደማይሆን አስጠንቅቃኛለች። ፀሐይ ስታገኘኝ እጠቁራለሁ፤ በሌላ ኩባንያ ዕቃ ላይም ያው ቁጥር ሌላ ቀለም ሊሆን ይችላል።

ስሟን እዚህ ባልጽፍም በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ አድራሻዋን እሰጣለሁ። ቀጠሮ ስትይዙ የቀን ብርሃን ያለበትን ሰዓት ምረጡ፤ ቤት ያላችሁንም ፋውንዴሽን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለእናንተ የሚሆን ከሆነ ሌላ አታስገዛችሁም።